የሞኒተር ፖርትና ኬብል በማደሻ ፍጥነት ላይ ያላቸው ገደብ

የማደሻ ፍጥነት (ሪፍሬሽ ሬት) ሞኒተር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን የሚለካውም በሄርዝ ነው። ባለ 60 ሄርዝ ሞኒተር ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተር ደግሞ 144 ጊዜ ያድሳል። ይሁን እንጂ በሞኒተሩ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚገኘው ስክሪኑ ከኮምፒውተሩ በቂ መረጃ ሲደርሰው ብቻ ነው። መረጃው በኮምፒውተሩ ፖርት፣ በኬብሉ እና በሞኒተሩ ፖርት ስለሚያልፍ፣ ከሦስቱ ደካማው የጠቅላላውን ፍጥነት ይወስናል። በዚህም ምክንያት ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተር ምንም ሳይበላሽ በ60 ወይም በ75 ሄርዝ ላይ ተወስኖ ሊገኝ ይችላል።

ገደቡ ሁልጊዜ ከሬዞሉሽን ጋር አብሮ የሚታይ ነው። አንድ ፖርት በዝቅተኛ ሬዞሉሽን 120 ሄርዝ እየሰጠ በከፍተኛ ሬዞሉሽን 75 ሄርዝ ላይ ሊቆም ይችላል። ከዚህ በታች ጉዳዩ በ2560×1440 ፒክስል እና በ144 ሄርዝ ምሳሌነት ይብራራል።

## የሚያስፈልገው መረጃ መጠን

በዲጂታል ምስል ውስጥ እያንዳንዱ ፒክስል በተለመደው አሠራር 24 ቢት ይይዛል። ይህም ለቀይ፣ ለአረንጓዴ እና ለሰማያዊ ቀለም ለእያንዳንዳቸው 8 ቢት ማለት ነው። ስለዚህ በሰከንድ የሚያስፈልገው መረጃ የፒክስሎቹ ብዛት በማደሻው ፍጥነትና በቢቱ ሲባዛ ይገኛል፦

```
2560 × 1440 × 144 × 24 = 12,740,198,400
```

ይህ ወደ 12.74 ጊጋቢት በሰከንድ ይጠጋል። ሆኖም ይህ ሙሉው ሒሳብ አይደለም። ከጥንቱ የካቶድ ቱቦ ስክሪን ዘመን ጀምሮ በመስመሮችና በምስሎች መካከል ምንም ፒክስል የማይታይበት አጭር የዕረፍት ጊዜ ይተዋል። ዘመናዊ ሞኒተሮች ይህን ጊዜ በጣም ቢያሳጥሩትም ፈጽሞ አላስወገዱትም። በተለመደው አጭር ዕረፍት ሲሰላ ለዚሁ ምስል በሰከንድ 586.6 ሚሊዮን የሚጠጋ ፒክስል የሚሆን ጊዜ ያስፈልጋል፤ ይህም 14.08 ጊጋቢት በሰከንድ ይሆናል። ፖርቱ ሊሸከመው የሚገባው ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው።

## የፖርቶቹ አቅም

ሞኒተርን ከኮምፒውተር ለማገናኘት በብዛት የሚያገለግሉት ኤችዲኤምአይ እና ዲስፕሌይፖርት ናቸው። ሁለቱም በየጊዜው የወጡ የተለያዩ ሥሪቶች አሏቸው። የፖርቱ ቅርጽ ሳይለወጥ በውስጡ የሚያልፈው መረጃ መጠን ስለሚጨምር፣ ፖርቱን በዓይን አይቶ ሥሪቱን ማወቅ አይቻልም።

በማስታወቂያዎች ላይ የሚጻፈው ፍጥነት ለምስሉ ብቻ የሚውል አይደለም። ከኤችዲኤምአይ 2.1 በፊት በነበሩት የኤችዲኤምአይ ሥሪቶች እና እስከ 1.4 ባሉት የዲስፕሌይፖርት ሥሪቶች እያንዳንዱ 8 ቢት ወደ 10 ቢት ተለውጦ ይላካል። ስለዚህ ከተጻፈው ፍጥነት ለምስል የሚተርፈው 80 ከመቶ ነው። ለምሳሌ 18 ጊጋቢት በሰከንድ የሚባለው ኤችዲኤምአይ 2.0 ለምስሉ የሚሰጠው 14.4 ብቻ ነው።

| ፖርት | ለምስል የሚተርፈው (ጊጋቢት በሰከንድ) | 2560×1440 በ144 ሄርዝ |
|---|---|---|
| ኤችዲኤምአይ 1.4 | 8.16 | አይበቃም |
| ኤችዲኤምአይ 2.0 | 14.4 | ለጥቂት ይበቃል |
| ዲስፕሌይፖርት 1.2 | 17.28 | ይበቃል |
| ዲስፕሌይፖርት 1.4 | 25.92 | ይበቃል |

ኤችዲኤምአይ 1.4 በሰከንድ ከ340 ሚሊዮን ፒክስል በላይ አያሳልፍም። በ2560×1440 ሬዞሉሽን 60 ሄርዝ ወደ 241.5 ሚሊዮን፣ 75 ሄርዝ ደግሞ ወደ 304 ሚሊዮን ፒክስል ስለሚፈልጉ ሁለቱም ያልፋሉ፤ 144 ሄርዝ ግን 586.6 ሚሊዮን ስለሚፈልግ አያልፍም። በ1920×1080 ሬዞሉሽን 120 ሄርዝ 297 ሚሊዮን ብቻ ስለሚፈልግ በዚያው ፖርት ያለችግር ይሠራል። አንዳንድ ተጠቃሚዎች ሬዞሉሽኑን ሲቀንሱ ፍጥነቱ የሚጨምርላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

## የቀለም ጥልቀት

ከሬዞሉሽንና ከማደሻ ፍጥነት ቀጥሎ ሦስተኛው የሒሳቡ አካል የቀለም ጥልቀት ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም ከ8 ቢት ይልቅ 10 ቢት ከተመረጠ አንድ ፒክስል 30 ቢት ይይዛል። ያን ጊዜ ከላይ የተሰላው 14.08 ጊጋቢት ወደ 17.6 ከፍ ስለሚል ከኤችዲኤምአይ 2.0 አቅም በላይ ይሆናል። ስለዚህ በ144 ሄርዝ በሰላም ይሠራ የነበረ ሞኒተር 10 ቢት ሲመረጥ ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ሊወርድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ባለ 3840×2160 ፒክስል 144 ሄርዝ ሞኒተሮች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። የተጠቀሙት ዲስፕሌይፖርት 1.4 ሲሆን፣ በሙሉ ቀለም በ8 ቢት 120 ሄርዝ፣ በ10 ቢት ደግሞ 98 ሄርዝ ላይ ይወሰኑ ነበር። 144 ሄርዝ ለማግኘት የቀለሙን መረጃ በከፊል መቀነስ ያስፈልግ ነበር። ይህ ሲደረግ የብርሃኑ መጠን ለየፒክስሉ ይላካል፤ ቀለሙን ግን ጎን ለጎን ያሉ ፒክስሎች ይጋሩታል። በፊልም ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም፤ ቀለም ባላቸው ትናንሽ ፊደላት ጠርዝ ላይ ግን ብዥታ ይፈጥራል። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ ሞኒተሮች ምስሉን ጨምቆ የሚልክ ዘዴ ስለሚጠቀሙ በዚያው ዲስፕሌይፖርት 1.4 በ144 ሄርዝ ይሠራሉ። ለዚህም ግራፊክስ ካርዱና ሞኒተሩ ሁለቱም ዘዴውን መቻል አለባቸው።

## የኬብሉ ድርሻ

ተራ የመዳብ ኬብል የራሱ ሥሪት የለውም። ሥሪቱ የሚወሰነው በሁለቱ ጫፎች ባሉት ፖርቶች ነው። የኬብሉ ሥራ ምልክቱን ሳያበላሽ ማድረስ ሲሆን፣ ፍጥነቱ ሲጨምርና ኬብሉ ሲረዝም ይህ እየከበደ ይሄዳል። በመሆኑም የኤችዲኤምአይ ኬብሎች የሚመደቡት በተፈተኑበት ፍጥነት ነው፦ «ሃይ ስፒድ» የተባለው እስከ 10.2፣ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» እስከ 18፣ «አልትራ ሃይ ስፒድ» እስከ 48 ጊጋቢት በሰከንድ።

ምድቡ ኬብሉ የተፈተነበትን ፍጥነት ያሳያል እንጂ ከዚያ በላይ እንዳያሳልፍ የሚያግድ ነገር የለም። አጭርና በደንብ የተሠራ «ሃይ ስፒድ» ኬብል ብዙ ጊዜ 18 ጊጋቢት ያሳልፋል፤ ያው ምድብ ያለው ረጅም ኬብል ግን ላያሳልፍ ይችላል። በተቃራኒው፣ በኤችዲኤምአይ 1.4 ፖርት ላይ በጣም ውዱን ኬብል መሰካት ፍጥነቱን በአንድ ሄርዝ እንኳ አይጨምርም።

## ሞኒተሩ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው

ኬብሉ ሲሰካ ሞኒተሩ የሚችላቸውን ሬዞሉሽኖችና የማደሻ ፍጥነቶች የያዘ አጭር ዝርዝር ለኮምፒውተሩ ያቀርባል። ይህ ዝርዝር ለእያንዳንዱ ፖርት የተለያየ ሊሆን ይችላል። በርካታ ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተሮች ሙሉውን ፍጥነት በዲስፕሌይፖርት ብቻ ይሰጣሉ፤ በኤችዲኤምአይ ግን ያነሰ ፍጥነት ያስመዘግባሉ። ይህ የሚገኘው በሞኒተሩ መመሪያ ላይ ለየፖርቱ በተሰጠው ዝርዝር ውስጥ እንጂ በካርቶኑ ፊት ለፊት አይደለም።

የሥሪት ቁጥርም ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። በኤችዲኤምአይ 2.1 ከፍተኛው ፍጥነት 48 ጊጋቢት በሰከንድ ቢሆንም ይህ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ «2.1» ተብሎ የተሸጠ ፖርት ከ2.0 ያልበለጠ ፍጥነት ሊኖረው ይችላል። ከመግዛት በፊት መታየት ያለበት በየትኛው ፖርት፣ በየትኛው ሬዞሉሽን፣ ስንት ሄርዝ የሚለው ነው።

በላፕቶፖች ላይ የሚገኘው የዩኤስቢ-ሲ ፖርት ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ምስል የሚያወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚልከው የዲስፕሌይፖርት ምልክት ሲሆን፣ ዲስፕሌይፖርት አራት የመረጃ መስመሮች አሉት። የዩኤስቢ ማከፋፈያ (ሃብ) አብሮ ሲሰካ ከአራቱ ሁለቱ ለፈጣን ዩኤስቢ ሊሰጡ ይችላሉ። በዲስፕሌይፖርት 1.2 ፍጥነት ያን ጊዜ ለምስል የሚቀረው 8.64 ጊጋቢት ብቻ ስለሆነ 2560×1440 በ60 ሄርዝ ይሠራል፤ በ144 ግን አይሠራም።

## ገደቡ የት እንዳለ ማወቅ

በዊንዶውስ 11 ላይ አሁን የተመረጠውና ሊመረጡ የሚችሉት ፍጥነቶች `Settings` > `System` > `Display` > `Advanced display` ውስጥ ይገኛሉ። ሲስተሙ 144 እያለ በ60 ሄርዝ ሊጀምር ስለሚችል በመጀመሪያ ይህን ማየት ተገቢ ነው። ኤክስ11 በሚጠቀም ሊኑክስ ላይ ደግሞ `xrandr` የሚለው ትእዛዝ ይህን የመሰለ መልስ ይሰጣል፦

```
HDMI-1 connected primary 2560x1440+0+0
   2560x1440   59.95*+  74.97
   1920x1080   119.98   60.00
```

የኮከብ ምልክቱ አሁን የሚሠራበትን ፍጥነት ያመለክታል። በዚህ ምሳሌ 1920×1080 ወደ 120 ሄርዝ ሲደርስ 2560×1440 ግን በ75 ሄርዝ ቆሟል። ይህ ቀደም ሲል ከተሰላው የኤችዲኤምአይ 1.4 ገደብ ጋር ይስማማል። ያው ሞኒተር በዲስፕሌይፖርት ሲሰካ 144 በዝርዝሩ ከታየ፣ ችግሩ የኤችዲኤምአዩ መንገድ እንደነበር ይረጋገጣል፤ አዲስ ሞኒተር ወይም ግራፊክስ ካርድ መግዛትም አያስፈልግም።

የፖርት ገደብና የኬብል ድክመት በአብዛኛው በሚያሳዩት ምልክት ይለያሉ። ፖርቱ ካልቻለ የተፈለገው ፍጥነት ከዝርዝሩ ውስጥ ይጠፋል፤ የቀሩት ግን ያለእንከን ይሠራሉ። ኬብሉ ሲደክም ደግሞ ፍጥነቱ በዝርዝሩ ውስጥ ይኖራል፤ ሲመረጥ ግን ስክሪኑ ለአፍታ እየጠቆረ ይመለሳል፣ ነጠብጣብ መሰል ብልጭታ ይታይበታል ወይም ጭራሽ ምስል አይመጣም፤ ፍጥነቱ ሲቀነስም ችግሩ ይጠፋል።

ዲስፕሌይፖርት ከዚህ የተለየ ባሕርይ አለው። ግንኙነቱ ሲጀመር ሁለቱ ጫፎች መስመሩን ይፈትኑና ምልክቱ ከተበላሸ ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ይወርዳሉ። ስለዚህ በዲስፕሌይፖርት ደካማ ኬብልም ከፍተኛውን ምርጫ ከዝርዝሩ ሊያጠፋው ይችላል። እንዲህ ሲሆን አጭርና የተረጋገጠ ኬብል ቀይሮ ዝርዝሩን እንደገና ማየት መልስ ይሰጣል፦ 144 ከተመለሰ ችግሩ የኬብሉ ነበር፤ ካልተመለሰ ከሁለቱ ፖርቶች በአንዱ መፈለግ አለበት።