ቀሪውን ብቻ የሚያስታውስ ማሽን

ውሱን አውቶማተን በወረቀት ላይ የሚነደፍ፣ የማስታወስ አቅሙ እጅግ የተመጠነ የስሌት ማሽን ነው። ከ0 እና ከ1 የተሠራ የአኃዝ ሰንሰለት ሲሰጠው ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ያነባል። ወደ ኋላ አይመለስም፤ ያነበበውንም የትም አይጽፍም። ያለው ነገር ቢኖር ጥቂት «ሁኔታዎች» ናቸው፤ በማንኛውም ቅጽበት ከእነዚህ በአንዱ ላይ ይገኛል፣ አዲስ አኃዝ ባነበበ ቁጥርም ቀስቱ ወደሚያመለክተው ሁኔታ ይሸጋገራል። ከእያንዳንዱ ሁኔታ ለ0 አንድ ቀስት፣ ለ1 አንድ ቀስት ይወጣል። መንገዱ ምንጊዜም ቁርጥ ስለሆነ ማሽኑ የሚያማርጠው ነገር የለም። ንባቡ ሲያልቅ ያረፈበት ሁኔታ የመቀበያ ሁኔታ ከሆነ ሰንሰለቱ ተቀባይነት ያገኛል፤ ካልሆነ ይጣላል። ማይክል ራቢን እና ዳና ስኮት እ.ኤ.አ. በ1959 ስለነዚህ ማሽኖች ያወጡት ጥናት የዘርፉ መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ሲሆን፣ በ1976 የቱሪንግ ሽልማትን አስገኝቶላቸዋል።

በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ተደጋግሞ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፦ በሁለትዮሽ የተጻፈ ቁጥር ለ3 ያለ ቀሪ የሚካፈል መሆኑን የሚለይ አውቶማተን እንዴት ይነደፋል? ቁጥሩ አንድ ሺህ አኃዝ ሊኖረው ይችላል። ማሽኑ ግን ቁጥሩን ሊይዘው አይችልም፤ ያለፉትን አኃዞች እንኳ አያስታውስም። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ወዲያው ክብ እየሣሉ ቀስት መሳብ ይጀምራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚሳሳቱት በዚህ ምክንያት ነው። ከሥዕሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «እስካሁን ከተነበበው ውስጥ ለወደፊቱ ውሳኔ የሚያስፈልገው ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

መልሱ የሚገኘው ቁጥር ከግራ ሲነበብ እንዴት እንደሚያድግ በማየት ነው። በተለመደው አጻጻፍ 4 ላይ 7 ሲጨመር 47 ይሆናል፤ የነበረው በ10 ተባዝቶ አዲሱ አኃዝ ተደምሮበታል ማለት ነው። በሁለትዮሽም ሕጉ ያው ነው፤ የሚባዛው ግን በ2 ነው። በስተቀኝ 0 ሲጨመር የነበረው ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ 1 ሲጨመር ደግሞ እጥፍ ሆኖ አንድ ይጨመርበታል። ቁጥሩ ለ3 ተካፍሎ የሚተወው ቀሪም ይህንኑ ሕግ ይከተላል፦ የድሮው ቀሪ በ2 ይባዛል፣ አዲሱ አኃዝ ይደመርበታል፣ ውጤቱ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 3 ይቀነስለታል። ስለዚህ የቁጥሩን ሙሉ መጠን ማወቅ አያስፈልግም፤ ቀሪው ይበቃል። ቀሪ ደግሞ 0፣ 1 ወይም 2 ብቻ ነው። ሦስቱ ቀሪዎች የማሽኑ ሦስት ሁኔታዎች ሆኑ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ቀስቶቹ በስሌት ይገኛሉ እንጂ በግምት አይሳቡም። ቀሪ 0 ላይ 0 ቢነበብ እዚያው ይቆያል፤ 1 ቢነበብ ወደ ቀሪ 1 ይሄዳል። ቀሪ 1 ላይ 0 ቢነበብ እጥፉ 2 ነው፤ 1 ቢነበብ ግን 2 ሲደመር 1 ሦስት ስለሚሆን ወደ ቀሪ 0 ይመለሳል። ቀሪ 2 ላይ 0 ቢነበብ እጥፉ 4 ስለሆነ ቀሪው 1 ነው፤ 1 ቢነበብ 5 ስለሚሆን እዚያው ቀሪ 2 ላይ ይቆያል። መነሻውም መቀበያውም ቀሪ 0 ነው።

ሥራውን ለመፈተን 21 ይወሰድ፤ በሁለትዮሽ 10101 ተብሎ ይጻፋል። ማሽኑ ከቀሪ 0 ተነሥቶ የመጀመሪያውን 1 ሲያነብ ቀሪ 1 ላይ ይደርሳል። ቀጥሎ በ0 ወደ ቀሪ 2 ይሄዳል፣ በ1 እዚያው ይቆያል፣ በ0 ወደ ቀሪ 1 ይመለሳል፣ በመጨረሻው 1 ደግሞ ቀሪ 0 ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ይቀበላል፤ 21ም በእርግጥ ሰባት ጊዜ 3 ነው። 13 ማለትም 1101 ቢሰጠው ግን ጉዞው በቀሪ 1፣ 0፣ 0 አልፎ ቀሪ 1 ላይ ያበቃል፤ ቁጥሩም ይጣላል። በፓይተን ሲጻፍ ማሽኑ በሙሉ ይህን ያህል ብቻ ነው፦

```
r = 0
for b in "10101":
    r = (2*r + int(b)) % 3
print(r == 0)
```

በዚህ ንድፍ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ። በአሥር መሠረት የተጻፈ ቁጥር ለ3 መካፈሉ አኃዞቹን በመደመር እንደሚታወቅ የሚያስታውስ ሰው፣ በሁለትዮሽም የ1ዎችን ብዛት የሚቆጥር ባለ ሦስት ሁኔታ ማሽን ይሠራል። ሥዕሉ ሲታይ ትክክለኛ ይመስላል። ነገር ግን 11 ማለትም ሦስትን ይጥላል፤ 111 ማለትም ሰባትን ይቀበላል። የድምሩ ዘዴ በአሥር መሠረት የሚሠራው 10 ለ3 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ ነው፤ የ2 ቀሪ ግን 2 ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለመያዝ ከ0 እስከ 20 ያሉትን ቁጥሮች በማሽኑ ውስጥ አሳልፎ ውጤቱን ከታወቀው መልስ ጋር ማመሳከር ይበቃል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ባዶው ሰንሰለት ነው። መነሻው መቀበያም ስለሆነ ማሽኑ አንድም አኃዝ ሳያነብ «እቀበላለሁ» ይላል። ጥያቄው ቢያንስ አንድ አኃዝ እንዲኖር የሚያዝ ከሆነ፣ መቀበያ ያልሆነ አራተኛ ሁኔታ ለመነሻነት ብቻ ይጨመራል፤ የሚወጡት ቀስቶችም የቀሪ 0ን ቀስቶች ይገለብጣሉ። በቁጥሩ ፊት የሚደረደሩ 0ዎች ግን ምንም አይጎዱም፤ ቀሪ 0 ላይ ሆኖ 0 ማንበብ ማሽኑን ከቦታው አያነቃንቀውም።

የ3 ማሽን አንድ የሚያስደንቅ ጠባይ አለው፤ ሰንሰለቱ ከቀኝ ወደ ግራ ቢነበብም መልሱ አይለወጥም። 18 ማለትም 10010 ሲገለበጥ 01001 ይሆናል፤ ይህም 9 ነው፣ ለ3 ይካፈላል። ምክንያቱ የቦታ ዋጋዎቹ ናቸው። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ለ3 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1፣ 2፣ 1፣ 2፣ 1 እያለ ይፈራረቃል። ሰንሰለቱ ሲገለበጥ ቀሪዎቹ ወይ እንዳሉ ይቆያሉ፣ ወይ 1 እና 2 ቦታ ይለዋወጣሉ። መለዋወጡ ደግሞ ሁሉንም በ2 እንደማባዛት ነው፤ ያለ ቀሪ የሚካፈልን ቁጥር በ2 ማባዛት ቀሪ አያመጣበትም። ለ5 ይህ አይሠራም፦ 25 ማለትም 11001 ሲገለበጥ 10011 ይሆናል፤ 19 ነው፣ ለ5 አይካፈልም። ስለዚህ የንባቡ አቅጣጫ በጥያቄው ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት።

ሦስት ሁኔታ የግድ ያስፈልጋል ወይስ በሁለት ይቻላል? ይህን ለመመለስ ሦስት አጫጭር ሰንሰለቶች ይበቃሉ፦ ባዶው፣ 1 እና 10። ማሽኑ ሁለት ሁኔታ ብቻ ቢኖረው ከሦስቱ ሁለቱ አንድ ሁኔታ ላይ ይጋጠማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ሊለያያቸው አይችልም። ነገር ግን 1 እና 10 ተጋጥመው እንደሆነ በሁለቱም ላይ 1 ይጨመር፦ 11 ሦስት ነው፣ መቀበል አለበት፤ 101 አምስት ነው፣ መጣል አለበት። ባዶው ደግሞ ከሁለቱም ጋር ሊጋጠም አይችልም፣ እሱ ተቀባይ ሲሆን እነሱ ተጣይ ናቸውና። ስለዚህ ሦስት የመጨረሻው ትንሹ ቁጥር ነው። ይህ የአስተሳሰብ መንገድ በ1950ዎቹ መጨረሻ በሠሩት በጆን ማይሂል እና በአኒል ኔሮድ ስም የሚጠራው ንድፈ ሐሳብ ነው።

የቀሪ ዘዴው ለማንኛውም አካፋይ ይሠራል፤ የሚገኘው ማሽን ግን ሁልጊዜ ትንሹ አይደለም። ለ6 ስድስት ሁኔታዎች ይወጣሉ። ቀስቶቹ ሲመረመሩ ቀሪ 1 እና ቀሪ 4 በ0 ሁለቱም ወደ 2፣ በ1 ሁለቱም ወደ 3 ይሄዳሉ፤ ሁለቱም መቀበያ አይደሉም። ስለዚህ ይዋሃዳሉ። ቀሪ 2 እና 5ም እንዲሁ። ቀሪ 0 እና 3 ቀስታቸው አንድ ቢሆንም 0 መቀበያ ስለሆነ፣ 3 ግን ስላልሆነ አይዋሃዱም። አራት ሁኔታዎች ቀሩ። ለ4 ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከማካፈል ወደ ቅርጽ ይለወጣል፦ ከ0 በስተቀር ለ4 የሚካፈል ቁጥር ሁሉ በ00 ያበቃል፤ ማሽኑ ማስታወስ ያለበትም በመጨረሻ በተከታታይ ያየውን የ0 ብዛት፣ እስከ ሁለት ድረስ ነው።

ቅርጽ ሲፈለግም መነሻ ጥያቄው ያው ነው። «በውስጡ 101 ያለበት ሰንሰለት» ለሚለው ማሽኑ የሚያስታውሰው ከተፈለገው ቅርጽ ምን ያህሉ እንደተጀመረ ነው፦ ምንም፣ 1፣ 10፣ ወይም ሙሉው 101። አስቸጋሪው ቅርጹ ሲቋረጥ የሚደረገው ነው። «1» ላይ እያለ ሌላ 1 ቢመጣ ብዙዎች ቀስቱን ወደ መነሻው ይመልሱታል። ያ ማሽን 1101ን ይጥላል፤ መጨረሻው ግን በግልጽ 101 ነው። አዲሱ 1 ራሱ የሌላ ቅርጽ መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል ማሽኑ «1» ላይ መቆየት ነበረበት። «10» ላይ 0 ሲመጣ ግን የሚተርፍ ጅማሬ ስለሌለ መመለሱ ትክክል ነው። ጥያቄው «በ101 የሚያበቃ» ከሆነ ደግሞ ከሙሉው ቅርጽ በኋላም ቀስቶች ያስፈልጋሉ፦ 0 ሲመጣ ወደ «10»፣ 1 ሲመጣ ወደ «1»። የመጀመሪያውን ወደ መነሻ የሚልክ ሰው 10101ን ያጣዋል። ኑት፣ ሞሪስ እና ፕራት በ1977 ያሳተሙት ታዋቂ የጽሑፍ ፍለጋ ስልት የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ሲቋረጥ ከተነበበው መጨረሻ ላይ ለአዲስ ጅማሬ የሚያገለግለው ረጅሙ ክፍል ይያዛል።

መታወስ ያለበት ነገር ወሰን ሲያጣ ግን ንድፉ አይቻልም። «የ0 እና የ1 ብዛት እኩል የሆነበት ሰንሰለት» ሲባል ማሽኑ ልዩነታቸውን መያዝ አለበት፤ ልዩነቱም 1፣ 2፣ 3 እያለ ያለ ገደብ ያድጋል። 0፣ 00፣ 000 እያሉ የሚረዝሙት ሰንሰለቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሁኔታ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱ ቢጋጠሙ፣ ለአንዱ ልክ የሚሆኑት 1ዎች ሲጨመሩ ማሽኑ ሌላውንም አብሮ ይቀበላል።