ወደ ክላውድ ሰርቨር የሚገባ የኤስኤስኤች ግንኙነት፦ የሴኩሪቲ ግሩፕና የሰርቨር ፋየርዎል ደንቦች ተዛምዶ

ለማብራሪያ ያህል፣ መገናኛ አካባቢ ባለ ቢሮ የሚሠራ አንድ የምርምር ቡድን የመስክ ጥናት መረጃውን የሚያስኬድበት የኡቡንቱ ሰርቨር ከአማዞን ክላውድ የኬፕታውን ቀጣና ተከራይቷል ይባል። አማዞን ይህን የመጀመሪያውን የአፍሪካ ቀጣናውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የቡድኑ አባላት ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩት በኤስኤስኤች ብቻ ነው። የይለፍ ቃል የሚገምቱ አውቶማቲክ ሙከራዎች በመዝገቡ ላይ ስለበዙባቸው ኤስኤስኤችን ከፖርት 22 ወደ ፖርት 2222 ለማዛወር ወሰኑ። በአቅራቢው ድረ ገጽ ገብተው በሴኩሪቲ ግሩፑ 2222ን ፈቀዱ፤ በሰርቨሩም ላይ የኤስኤስኤችን ማዋቀሪያ ለወጡ። ተከፍቶ የነበረው ተርሚናል ሥራውን ስለቀጠለ ሁሉም የተሳካ መሰለ። በማግስቱ ጠዋት ግን የሚከተለው መልእክት መጣ፦

```
ssh: connect to host 198.51.100.40 port 2222: Connection timed out
```

የመጀመሪያው ጥርጣሬ በሴኩሪቲ ግሩፑ ላይ ወደቀ። ለቢሮው አድራሻ ብቻ ተፈቅዶ የነበረው ደንብ `0.0.0.0/0` ተደርጎ ለመላው ዓለም ተከፈተ፤ ግንኙነቱ ግን አሁንም አልሠራም። እዚህ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከመዘጋቱ ይልቅ ከመከፈቱ የሚመጣ ነው። የማይረዳው ለውጥ ተረስቶ በዚያው ይቀራል፤ ከቀናት በኋላ አንዱ አባል የሰርቨሩን ፋየርዎል በሙሉ ሲያጠፋው ኤስኤስኤች ይሠራል፤ የጥናቱ ተሳታፊዎች መረጃ ያለበት ሰርቨር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በማናቸውም ሰው ሊሞከር የሚችል ፖርት ይኖረዋል።

ስህተቱ የሚመነጨው ሁለቱ ማጣሪያዎች የሚገኙበትን ቦታ ካለመለየት ነው። ሴኩሪቲ ግሩፕ የሚሠራው ከሰርቨሩ ስርዓተ ክወና ውጭ፣ በአቅራቢው ምናባዊ ኔትወርክ ላይ ነው። እዚያ የተጣለ ፓኬት ወደ ኡቡንቱ ፈጽሞ አይደርስም፤ ኡቡንቱም መጣሉን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሁለተኛው ማጣሪያ በከርነሉ ውስጥ ያለው ኔትፊልተር ሲሆን `ufw` ለእርሱ ደንብ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። ፓኬቱ ሁለቱንም ካለፈ በኋላ ብቻ ኤስኤስኤች ወደሚያዳምጥበት ፖርት ይደርሳል። አንዱ መፍቀዱ የሌላውን ክልከላ አይሽርም።

የሁለቱ የውስጥ አሠራርም ይለያያል። በአማዞን ሴኩሪቲ ግሩፕ ውስጥ የሚጻፈው ፈቃድ ብቻ ነው፤ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነው። ለአንድ ሰርቨር ብዙ ግሩፖች ቢሰጡ ደንቦቻቸው ይደመራሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከፈቀደ ፓኬቱ ያልፋል። ስለዚህ ጥብቅ የሆነ አዲስ ግሩፕ መጨመር የቀድሞውን ልቅ ግሩፕ አያጠብቀውም። በ`ufw` በኩል ግን ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፤ ቀድሞ የገጠመው ደንብ ይፈርዳል። ከላይ ክልከላ ተጽፎ ከታች የተጨመረ ፈቃድ ዋጋ የለውም።

በምሳሌው ሰርቨር ላይ `ufw` የሚፈቅደው 22ን ብቻ ነበር። የተከፈተው ተርሚናል ያልተቋረጠውም ለውጡ ትክክል ስለነበረ አይደለም። ሁለቱም ማጣሪያዎች የተጀመረ ግንኙነትን ያስታውሳሉ፣ ኤስኤስኤችም ቀድሞ የተቀበለውን ግንኙነት ይዞ ይቆያል። የደንብ ለውጥ የሚፈተነው በአዲስ ግንኙነት ብቻ ነው፤ አሮጌው ተርሚናል መመለሻ መንገድ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የሚታየው መልእክት የምርመራውን አቅጣጫ ይጠቁማል። `Connection timed out` አንድ ቦታ ፓኬቱን በዝምታ እየጣለ መሆኑን ያሳያል፤ ሴኩሪቲ ግሩፕም የ`ufw` መደበኛ ክልከላም በዚህ መልክ ስለሚሠሩ መልእክቱ ብቻውን አይለያቸውም። `Connection refused` ሲሆን ግን ፓኬቱ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል ማለት ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ አለመኖሩ ነው። በ`ufw` የ`reject` ወይም የ`limit` ደንብ ሲኖር ግን ይኸው መልእክት ከፋየርዎሉም ሊመጣ ይችላል። `Permission denied (publickey)` ከመጣ ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸውና የፋየርዎል ደንብ መነካካት ከንቱ ድካም ነው፤ ችግሩ የቁልፍ ነው።

ሁለቱን ዝምታዎች ለመለየት የሚያስተማምነው ዘዴ በሰርቨሩ ላይ ሆኖ ፓኬቱን መጠበቅ ነው። ለዚህ በኤስኤስኤች መግባት ስለማይቻል ሌላ መግቢያ ያስፈልጋል፤ በአማዞን ሴሽን ማኔጀር ወይም ሲሪያል ኮንሶል ይህን ያሟላሉ። ሴሽን ማኔጀር በሰርቨሩ ላይ ያለው ወኪል ራሱ ወደ ውጭ ስለሚደውል የሚገባ ፖርት አይፈልግም፤ ሆኖም ፈቃዱ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ሲሪያል ኮንሶልም በሰርቨሩ ላይ የይለፍ ቃል ያለው ተጠቃሚ ካልተዘጋጀ ብዙ አይጠቅምም። በዚህ መንገድ ተገብቶ የሚከተለው ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከቢሮውም ግንኙነቱ እንደገና ይሞከራል፦

```
sudo tcpdump -ni any 'tcp port 2222'
```

`tcpdump` የሚገባውን ፓኬት የሚያየው ኔትፊልተር ከመጣሉ በፊት ነው። ምንም ካልታየ ፓኬቱ ከሰርቨሩ ውጭ ቀርቷል፤ መመርመር ያለበት ሴኩሪቲ ግሩፑ፣ እርሱ ካልሆነም የንዑስ ኔትወርኩ ደንብና የመንገድ ሰንጠረዡ ነው። `Flags [S]` የሚል መስመር እየተደጋገመ መልሱ `Flags [S.]` ካልታየ ደግሞ ፓኬቱ ደርሶ በሰርቨሩ ውስጥ ተጥሏል። በምሳሌው የታየው ይህ ነው፤ በከርነሉ መዝገብም `[UFW BLOCK]` ከ`DPT=2222` ጋር ተጽፎ ይገኛል። በመስመሩ ላይ መድረሻው `198.51.100.40` ሳይሆን የሰርቨሩ የውስጥ አድራሻ ሆኖ መታየቱ ሊያደናግር አይገባም፤ የውጭውን አድራሻ የሚተረጉመው አቅራቢው ነው። መፍትሔው አጭር ነው፦

```
sudo ufw allow 2222/tcp
sudo ufw status numbered
```

ወዲያውኑም በሴኩሪቲ ግሩፑ `0.0.0.0/0` ተሰርዞ የቢሮው አድራሻ በ`/32` ይመለሳል። የ22 ፈቃድ ከሁለቱም የሚነሳው በ2222 ከአዲስ ተርሚናል መግባት ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

የሚቀረው ጥያቄ የምንጭ አድራሻው ገደብ በየትኛው በር ላይ ይጻፍ የሚለው ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ተጠቃሚ ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ቋሚ አድራሻ ያልተገዛለት የቢሮ መስመር መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ዳግም ሲነሳ ሌላ አድራሻ ሊይዝ ይችላል። ከመገናኛ ቢሮ ወጥቶ በታክሲ ውስጥ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ተመራማሪም፣ ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ይሁን የሳፋሪኮም፣ ከቢሮው በተለየ አድራሻ ይወጣል። በሞባይል ኔትወርክ አንድን የውጭ አድራሻ ብዙ ደንበኞች ሊጋሩት ስለሚችሉ ያን አድራሻ መፍቀድ ለማይታወቁ ሰዎችም መፍቀድ ነው። በወቅቱ የሚታየው አድራሻ እንዲህ ይታወቃል፦

```
curl -s https://checkip.amazonaws.com
```

እንዲህ በሚለዋወጥ ሁኔታ ገደቡን በሴኩሪቲ ግሩፑ ላይ ማኖር ይመረጣል። አድራሻው ሲቀየር ደንቡን ከማንኛውም ቦታ በአቅራቢው ድረ ገጽ ማስተካከል ይቻላል፤ ይኸው ገደብ በ`ufw` ላይ ቢጻፍ ግን ደንቡን ለመለወጥ መጀመሪያ ወደ ሰርቨሩ መግባት ያስፈልጋል፤ መግባት ደግሞ የተከለከለው በዚያው ደንብ ነው። በ`ufw` ላይ ፖርቱን ብቻ መፍቀድ፣ የቀረውን ሁሉ መዝጋት ይበቃል። የዚህ ምርጫ ድክመት ግልጽ ነው፦ ባልደረባ ሌላ ልቅ ግሩፕ በሰርቨሩ ላይ ቢጨምር `ufw` ፖርት 2222ን ከማንም ይቀበላል። የግሩፖቹን ዝርዝር የመለወጥ ሥልጣን በብዙ ሰዎች እጅ ባለበት ፕሮጀክት፣ ቢሮውም ቋሚ አድራሻ ካለው፣ ገደቡን በሁለቱም ላይ መጻፍና ሴሽን ማኔጀርን አስቀድሞ ፈትኖ ማቆየት የተሻለ ነው።