ከኪኒኑ በፊት አልጋው

«ዶክተር፣ እናታችን ሰባት ወር ሙሉ እንቅልፍ የላትም። ኪኒን ይስጧት ብለን ነው ያመጣናት፤ እርስዎ ደግሞ ማታ አምሽታ ትተኛ ይላሉ?»

ይህን ያለኝ የታካሚዬ ልጅ ተቆጥቶ ነበር፤ ቁጣውም ይገባኛል። እናቱ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ፣ ከስታ፣ በቀን እየተንገዳገደች ሲያይ የከረመ ሰው ማዘዣ ወረቀት ይዞ መውጣት ይፈልጋል። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ እንደዚህ ቤተሰብ ያለ ብዙ ይገጥመኛል። ለእነሱ ያስረዳሁትን ለሌላውም ቤት ይጠቅማል ብዬ እጽፈዋለሁ። ታካሚዋን የሚያሳውቅ ዝርዝር ቀይሬያለሁ።

እማማ 64 ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በለቅሶው ሰሞን ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ስለነበር ማንም በወጉ አልተኛም። አርባው ወጣ፣ ሰማንያው ወጣ፣ እንግዳው ተበተነ፤ የእሳቸው እንቅልፍ ግን አልተመለሰም። በሕክምናው ሚዛን በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ የዘለቀ እንቅልፍ ማጣት ሥር የሰደደ ይባላል። እሳቸው ከዚያ አልፈዋል። ጎረቤት የሰጠቻቸውን ዳያዜፓም ሁለት ሌሊት ወስደው ደህና ተኝተዋል። ልጆቹ ያንን ስላዩ ነው «ይኸው መድኃኒቱ ታውቋል፣ ለምን ይከለከላል?» የሚሉት። አሜሪካ ያለችው ልጅ ደግሞ እዚያ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ የእንቅልፍ ኪኒን ልካለች።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ሌላ ነገር ነው። ያንኮራፋሉ ወይ? ሲተኙ ትንፋሻቸው ቆም ብሎ በድንገት ሲመለስ የሰማ አለ ወይ? ይህ ያለበት ሰው እንቅልፉን የሚረብሸው የጉሮሮው መጥበብ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚያደነዝዝ ኪኒን ጡንቻውን ይበልጥ አላልቶ ትንፋሹን ያባብስበታል። እማማ አያንኮራፉም። ሐዘናቸው አለ፣ ግን ይበላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ የልጅ ልጃቸው ሲመጣ ይስቃሉ፤ የከፋ ድባቴ አላገኘሁባቸውም። ያገኘሁት ሌላ ነው፤ ሽንት የሚያበዛውን የደም ግፊት ኪኒናቸውን ማታ ነበር የሚወስዱት። እሱን ወደ ጠዋት አዛወርነው። ሌሊት ሦስት ጊዜ ይነሡ የነበሩት አንዴ ወደ መነሣት ወረዱ። እንቅልፉ ግን በዚያ ብቻ አልመጣም።

አብራቸው የምትኖረው ልጅ ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ በደብተር እንድትመዘግብ ጠየቅኋት፤ ስንት ሰዓት አልጋ ላይ ወጡ፣ በግምት መቼ ወሰዳቸው፣ ስንት ጊዜ ነቁ፣ መቼ ተነሡ፣ በቀን አሸለቡ ወይ። ሌሊት ሰዓት ማየት ግን ከለከልሁ። ሰዓት እያየ «አሁንም አልተኛሁም» የሚል ሰው እንቅልፍ ይርቀዋልና። ደብተሩ ሲመጣ እማማ ማታ 3 ሰዓት አልጋ ላይ ይወጣሉ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ይነሣሉ። አልጋ ላይ አሥር ሰዓት ማለት ነው። የሚተኙት ግን ተቆራርጦ፣ ተደምሮ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። አራት ሰዓት ተኩሉን በጨለማ ጣሪያ እያዩ፣ እያሰቡ ያሳልፉታል። ከምሳ በኋላም ሶፋ ላይ ያሸልባሉ።

ለቤተሰቡ ያስረዳሁት ይህን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነው። እንቅልፍ እንደ ረሃብ ነው፤ ነቅተን በቆየን ቁጥር ይጠራቀማል። ቀን ያሸለበ ሰው የማታው ረሃብ ተቀንሶበታል። እናታችሁ እንቅልፋቸውን ያጡት በሐዘን ነው፤ አሁን እንዳጡት ያቆያቸው ግን ሐዘኑ አይደለም። አርተር ስፒልማን የተባለው አሜሪካዊ የእንቅልፍ ተመራማሪ በ1980ዎቹ ያመለከተው ይህንን ነው፤ እንቅልፍ ማጣትን የሚቀሰቅሰው ነገርና የሚያቆየው ነገር ይለያያሉ። የሚያቆየው አብዛኛውን ጊዜ ሰው የጠፋውን እንቅልፍ ለማካካስ ብሎ የሚያደርገው ነው፤ ቀድሞ መተኛት፣ ዘግይቶ መነሣት፣ ቀን ጋደም ማለት።

እዚህ ላይ ልጆቹ ዝም አሉ፤ ምክንያቱም «ትንሽ ጋደም በይ፣ እረፊ» እያሉ ማታ 3 ሰዓት መብራት የሚያጠፉት እነሱ ናቸው። በየጠዋቱ «ዛሬስ ተኛሽ?» ብለው የሚጠይቁትም እነሱ ናቸው። በፍቅር ነው። ግን እማማ ገና ከእራት ሰዓት ጀምሮ ነገ ጠዋት የሚመልሱትን እያሰቡ ይጨነቃሉ። ብዙ ወር ሲደጋገም አልጋው ራሱ የጭንቀት ቦታ ይሆናል። ሶፋ ላይ ዓይናቸው የሚከደነው ሴትዮ አልጋ ላይ ሲወጡ ቁልጭ ብለው የሚነቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ኪኒኑ ይህን አይነካውም። ያደነዝዛል፤ ሲቋረጥ ሁሉም በነበረበት ይገኛል፣ አንዳንዴም ብሶ። በ2005 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ እነዚህ ኪኒኖች የሚጨምሩት እንቅልፍ በአማካይ 25 ደቂቃ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ትርፍ ፊት የሚቆመው ጉዳት በእሳቸው ዕድሜ ከባድ ነው። ዳያዜፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ በተለይ በአረጋውያን ቀናት ስለሚፈጅ የዛሬው ሳይወጣ የነገው ይደረብበታል። እማማ ሌሊት ለሽንት ሲነሡ መጸዳጃው ደጅ ነው፣ ደረጃም አለው። በድንዛዜ ወድቆ የዳሌ አጥንት መሰበር በዚህ ዕድሜ ስንቱን አልጋ ላይ እንዳስቀረ የአጥንት ሐኪሞች ያውቁታል። በዚያ ላይ በጥቂት ሳምንታት ሰውነት ይለምደውና ያው መጠን አልሠራ ይላል። ከአሜሪካ የመጣው ኪኒን ሲታይ ዳይፈንሃይድራሚን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ፤ ያለ ማዘዣ መሸጡ ለአረጋውያን ደህና ነው ማለት አይደለም። አእምሮን ያደናግራል፣ ሽንት ይይዛል። እሱንም አስቀመጥነው።

የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016፣ የአውሮፓ የእንቅልፍ ምርምር ማኅበር በ2017 ለአዋቂዎች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባው ኪኒን ሳይሆን የልማድና የአስተሳሰብ ሕክምና ነው ያሉት ጥቅሙ ከሕክምናው በኋላም ስለሚቆይ ነው።

ለእማማ ያዘዝሁት ይህ ነበር። አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ከሚተኙት ጋር አስተካከልነው፤ አምስት ሰዓት ተኩል፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል። ከአምስት ሰዓት በታች አላወርድም። ሌሊቱ ደህና ቢሆንም ባይሆንም መነሻው አይለወጥም፤ እሁድም ጭምር። የ11 ሰዓት ተኩሉን እሳቸው ናቸው የመረጡት፤ ተነሥተው ኪዳን ይደርሳሉ። ከ6 ሰዓት በፊት እንቅልፍ ቢመጣ ተቀምጠው ያሳልፉታል። አልጋ ላይ ወጥተው ሃያ ደቂቃ ያህል በግምት ካልወሰዳቸው ደግሞ ይነሡና ጋቢያቸውን ደርበው፣ በደብዛዛ ብርሃን ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጥጥ ይፈትላሉ ወይም ይጸልያሉ፤ እንቅልፍ ሲጫናቸው ይመለሳሉ። የቀን ማሸለብ ቀረ። ቡናውን አልከለከልሁም፤ ካፌይን ግማሹ ብቻ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ወደ ረፋድ እንዲመጣ አደረግን። ቤተሰቡ ደግሞ «ተኛሽ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ተወ።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደሚከብድ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ያልሰማ ቤተሰብ በአራተኛው ቀን ይተወዋል። ልጁ በአምስተኛው ቀን ደወለ። «ዶክተር፣ ብሶባታል፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ ተቀምጣ እያንቀላፋች ነው።» ይህ ጥሩ ምልክት ነው አልሁት። ለወራት ማታ 4 ሰዓት ላይ ነቅተው ይጨነቁ የነበሩ ሴትዮ አሁን እንቅልፍ እየጎተታቸው ነው፤ ረሃቡ ተመልሷል። ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነው፤ ሲሄዱ ይንገዳገዳሉ? ምግብ ሲያበስሉ እሳት አጠገብ ያንቀላፋሉ? እንደዚያ ቢሆን ግማሽ ሰዓት እጨምር ነበር። አልነበረም። ለዚያ ሳምንት ምድጃውን ልጃቸው ያዘችው።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩ ከአምስት ሰዓት ተኩሉ አምስቱን መተኛታቸውን አሳየ። አልጋ ላይ ካለፈው ጊዜ ከመቶ 85 እጅና በላይ ከተኙ ሩብ ሰዓት እንጨምራለን፤ ካልሆነ ባለበት እንጠብቃለን። እንዲህ በሩብ ሩብ ሰዓት እየተራመድን በስምንተኛው ሳምንት መግቢያቸው ማታ 5 ሰዓት ደረሰ። ስድስት ሰዓት ያህል ይተኛሉ፤ አንዴ ነቅተው ይመለሳሉ። ስምንት ሰዓት አይተኙም፣ ልጆቹም ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ቅር አላቸው። ግን በዚህ ዕድሜ ስድስት ሰዓት ያህል እንቅልፍ አግኝቶ ቀኑን ንቁ ሆኖ የሚውል ሰው ለእኔ ተሽሎታል።

ይህ ሕክምና ለሁሉም አይደለም። የሚጥል በሽታ ላለበት፣ ስሜቱ ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ የሚል የባይፖላር ሕመም ላለበት፣ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሾፌር የመኝታ ሰዓት መቀነስ አደጋ ስላለው ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ኪኒንም ቦታ አለው፤ ድንገተኛ መከራ ለደረሰበት ሰው ለጥቂት ቀናት፣ ወይም የልማድ ሕክምናው በወጉ ተሞክሮ ላልሠራለት፣ መጨረሻው ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ። ችግሩ በአገራችን ይህን ሕክምና በወጉ የሚሰጥ ባለሙያ ጥቂት መሆኑና ተመላላሽ ክፍላችን መጨናነቁ ነው። ኪኒን ማዘዝ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ይህን ማስረዳት ግን ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ሐኪማችሁ በችኮላ ኪኒን ሲጽፍ «ለስንት ቀን ነው? ከዚያስ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጠየቅ መብታችሁ ነው።

ይህን አንብቦ ግን ለወራት ዳያዜፓም ሲወስድ የቆየ ሰው ዛሬውኑ ኪኒኑን እንዳይጥል። በድንገት ማቋረጥ ከባድ ጭንቀትና መንቀጥቀጥ፣ አልፎም ለሕይወት የሚያሰጋ የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ቤታችሁ እንደዚህ ያለ ሰው ካለ ወደ ሐኪም ይዛችሁት ኑ፤ መጠኑ ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ውስጥ ይቀነሳል።