የአያትን ዓይን ለመግለጥ የትኛው ፎቶ ይሻላል?

የመልስ ዕለት የተነሣ የቤተሰብ ፎቶ እናስብ። ሰባት ሰው ከኋላ ቆሟል፣ አምስት ሰው ከፊት ተቀምጧል፤ መካከል ላይ አያት ሻሽ አስረው፣ ነጭ ነጠላቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። አስቸጋሪዎቹ ሕፃናት እንኳ ለዚያች ቅጽበት ወደ ካሜራው አይተዋል። አያት ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፎቶው ታትሞ ሳሎን ሊሰቀል ስለሆነ ቤተሰቡ ፎቶ ቤት ሄዶ፣ «የእማማን ፊት ከሌላ ፎቶ ላይ አምጥታችሁ ቀይሩልን» ይላል።

ኤዲተሩ ይህን ማድረግ አያቅተውም። ዋናው ጥያቄ ፊቱ ከየትኛው ፎቶ ይምጣ የሚለው ነው። ቤተሰብ ሲመርጥ የሚያየው ፈገግታን ነው፤ አያት ደስ ብሏቸው የሳቁበትን ይልካል። እኔ ግን ፈገግታ መጨረሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው ባይ ነኝ። አዲሱ ፊት ባዳ የሚሆነው በስሜቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ አይደለም። የሚያጋልጠው ካሜራው የነበረበት ቦታ ነው። ተመልካቹ ስሕተቱ ምን እንደሆነ መናገር ባይችልም «እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ» ማለቱ አይቀርም።

እንግዲህ ተቀባዩን ፎቶ ቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። የእኛው ፎቶ የተነሣው በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ወደ 4 ሜትር ተኩል ከሚሆን ርቀት ነው። ሌንሱን ከፋይሉ መረጃ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ርቀቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ ገምቶ ማግኘት ነው። ፎቶ አንሺው ቆሞ ስላነሣ ካሜራው ከመሬት 1 ሜትር ከ60 ገደማ ላይ ነበር። የተቀመጡት አያት ዓይን ደግሞ 1 ሜትር ከ15 አካባቢ ነው። ስለዚህ ካሜራው በ45 ሴንቲ ሜትር ይበልጣቸዋል፤ ያ በ4 ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ስድስት ዲግሪ የማይሞላ ቁልቁል እይታ ብቻ ነው።

ለመተካት ከመጡት ፎቶዎች ሁሉ የሚያምረው የልጅ ልጃቸው የላከችው ሰልፊ ነው። የተነሣው በዚያው ቀን፣ በዚያው ልብስ ሲሆን አያት ከልባቸው ይሥቃሉ። ሆኖም መጀመሪያ መውደቅ ያለበትም እሱ ነው። ስልኩ ከፊታቸው የራቀው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ከዓይናቸው በ30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ከፍታው ከፎቶ አንሺው ያነሰ ይመስላል፤ ርቀቱ አጭር ስለሆነ ግን የእይታው ማዕዘን ከ25 ዲግሪ ያልፋል። ካሜራው ስንት ሜትር ከፍ አለ ብሎ መጠየቅ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ከፍታ ሁልጊዜ ከርቀት ጋር አብሮ ይታያል።

ይህን ያለ መለኪያ ለማወቅ ጆሮን ማየት ይበቃል። ፊት ለፊት በተነሣ ሰው የጆሮው ጫፍ ከቅንድቡ ጋር፣ የታችኛው ክፍሉ ከአፍንጫው ሥር ጋር በግምት ይስተካከላል። ካሜራው ከላይ ሲያይ ጆሮ ከዓይን አንጻር ወደ ላይ ይወጣል፣ ግንባር ይሰፋል፣ አገጭ ያንሳል። ከታች ሲያይ ደግሞ ጆሮ ይወርዳል፣ የአፍንጫ ቀዳዳ ይታያል። ሰውየው አንገቱን ቢደፋም ፊቱ ላይ ተመሳሳይ ነገር ስለሚታይ ሁለቱን የሚለየው ትከሻ ነው፤ ካሜራው ከላይ ከሆነ የትከሻው የላይኛው ገጽም ሰፋ ብሎ ይታያል። አያት ሻሹን ጆሯቸው ላይ አውርደው ካሰሩት የጆሮ ጌጣቸውን መከተል ይቻላል።

ሰልፊው ሁለተኛም ጥፋት አለበት፤ በአብዛኛው ሰው «ሌንሱ ነው» የሚለው ነገር ነው። የስልክ ሌንስ ሰፊ እይታ አለው፤ ስለዚህ ፊትን ያዛባል ይባላል። ፊትን የሚያዛባው ግን ቅርበት ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ያለውን ጥልቀት 12 ሴንቲ ሜትር ብንለው፣ ስልኩ ከአፍንጫ በ60 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ከጆሮ በ72 ይርቃል። አፍንጫው ከጆሮው አንጻር በአንድ አምስተኛ ገዝፎ ይወጣል ማለት ነው። በ4 ሜትር ተኩል ላይ ይህ ልዩነት ወደ ሦስት በመቶ ይወርድና ዓይን አይለየውም። በ2018 በአሜሪካ የወጣ አንድ የሕክምና ጥናት ከ30 ሴንቲ ሜትር የተነሣ ሰልፊ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሣ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ አስልቷል። ጥናቱን ካደረጉት መካከል የፊት ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር፤ ሰልፊ አይተው «አፍንጫዬን አሳንሱልኝ» የሚሉ ሰዎች አስቸግረውት ነው።

ከዚህ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይከተላል። ከመጡት ፎቶዎች መካከል አንድ እንግዳ በስልኩ ያነሣው አለ፤ ከፎቶ አንሺው ጎን ቆሞ ያነሣው ስለሆነ ግቢው ሁሉ ገብቶበት ሰዎቹ ጥቃቅን ሆነዋል። ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሌንሱ ሰፊ፣ 26 ሚሊ ሜትር የሚባለው ዓይነት ነው። ግን ርቀቱ ያው 4 ሜትር ተኩል ስለሆነ የአያት አፍንጫ፣ ጉንጭና ጆሮ ያላቸው ምጥጥን ከዋናው ፎቶ ጋር አንድ ነው። ቆርጠው ቢያሳድጉት ልክ ይገጥማል። ማየት የሚያስፈልገው አያት ፎቶው ላይ የት እንዳሉ ብቻ ነው፤ ሰፊ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለን ጭንቅላት ወደ ጎን ይለጥጠዋል። እሳቸው መካከል ላይ ስለሆኑ እዚህ ችግር የለም።

ቀጥሎ የሚታየው ብርሃን የመጣበት አቅጣጫ ነው። ዋናው ፎቶ የተነሣው በቤቱ ጥላ ውስጥ ሲሆን ብርሃኑ የሚመጣው ከፎቶው ግራ በኩል፣ ክፍት ከሆነው ሰማይ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ክፍት ዓይን ያለውን አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው አጉልቶ ማየት ነው። ብሌኑ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ በሰዓት ቆጣሪ ብንገምታት 10 ሰዓት ላይ ካለች፣ በአያትም አዲስ ዓይን ላይ እዚያው መሆን አለባት። ከዚያ የአፍንጫ ጥላ በየትኛው ጉንጭ ላይ እንደወደቀ፣ የጥላው ጠርዝ የተቆረጠ ወይም የሟሟ መሆኑን ማየት ነው። ኤዲተር ብርሃንን ማድመቅም ማደብዘዝም ይችላል፤ ድንኳኑ ፊት ላይ የጣለውን ቀለም እንኳ በብዛት ያስተካክላል። ከቀኝ የመጣን የፀሐይ ጥላ ወደ ግራ ማዞር ግን ፊትን እንደ አዲስ መሣል ነው።

«ታዲያ ፎቶውን እንደ መስታወት ገልብጠነው አንገላገልም?» የሚል አይጠፋም። የሰው ፊት ግን ግራና ቀኙ አንድ አይደለም፤ የሻሹ ቋጠሮ፣ ጠባሳው፣ ማርያም የሳመችው ምልክት ሁሉ ቦታውን ይለቅቃል። በአሜሪካ ከፕሬዚዳንት ሊንከን ሞት በኋላ አንድ አሳታሚ የሊንከንን ጭንቅላት በፖለቲከኛው ጆን ካልሁን ገላ ላይ አድርጎ የቅርጽ ሥዕል አሳትሞ ነበር። ጭንቅላቱ ከገላው አቅጣጫ ጋር እንዲገጥም ሲገለበጥ፣ በሊንከን ቀኝ ጉንጭ ላይ የነበረው የታወቀ ምልክት ወደ ግራ ዞረ። ሥዕሉ ቅጥል መሆኑን ካጋለጡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። የእማማን ፊት በየቀኑ የሚያዩ ልጆች ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ያውቁታል።

አንድ የሚረሳ ብርሃን ደግሞ ከታች የሚመጣው ነው። ነጭ ነጠላ ብርሃን ይመልሳል፤ ስለዚህ በዋናው ፎቶ ላይ የአያት አገጭ ሥር ያለው ጥላ ሳስቶ ይታያል። ያለፈው ዓመት በጥቁር ካፖርት የተነሡት ፎቶ ማዕዘኑም ርቀቱም ቢገጥም አገጫቸው ሥር ጨለማ ይዞ ይመጣል። ነጠላው ላይ ሲያርፍ ጭንቅላቱ ተንሳፎ የተቀመጠ ይመስላል።

የመጨረሻው ጥራት ነው። ፎቶው ብቻውን ሲታይ «ጥርት ያለ ነው» ማለት ምንም አይነግረንም፤ መቁጠር ያስፈልጋል። በዋናው ፎቶ፣ ስፋቱ 6000 ፒክስል በሆነው፣ ከአንዱ ብሌን እስከ ሌላው ወደ 80 ፒክስል አለ። በእንግዳው የስልክ ፎቶ ይህ 40 ያህል ነው፤ በግማሽ ያንሳል። ይህ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን የሚወስነው የሕትመቱ መጠን ነው። ፎቶው በ30 ሴንቲ ሜትር ስፋት በጥሩ ጥራት ሲታተም ከ6000ው የሚያስፈልገው 3500 ገደማ ስለሆነ በዓይኖቹ መካከል ያለውም ወደ 47 ይወርዳል። አርባውን ወደ አርባ ሰባት መሳብ ማንም አያየውም። ሳሎኑን የሚሞላ የ90 ሴንቲ ሜትር ፍሬም ከተፈለገ ግን የአያት ፊት ብቻ ከዐሥራ አንዱ ሰው መካከል ደብዝዞ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ዋናው ፋይል ከተገኘ ነው። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ሥዕል ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይቀነሳል፤ ያኔ አርባዋ ወደ ዐሥራ ሦስት ትወርዳለች። ዐሥራ ሦስት ፒክስል ላይ ሽፋሽፍት የለም። እንግዳው «እንደ ፋይል» እንዲልከው መለመን ኤዲተሩ ሊያደርግ ከሚችለው ሁሉ ይበልጣል። ስልኩ ቆዳ የሚያለሰልስ የውበት ማጣሪያ በርቶበት ከነበረም ፒክስሉ ቢበዛ ዋጋ የለውም፤ የጎረቤቱ ፊት ሽብሽብ እያሳየ የአያት እንደ ሸክላ ከለሰለሰ ያው ባዳ ነው። ከሚፈለገው በላይ የጠራውን ማደብዘዝ ቀላል ነው። የጠፋውን መመለስ ግን መገመት ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ምንጭ ፎቶ አንሺው ራሱ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሰከንዶች ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ያነሣው ነው። ማዕዘኑም፣ ሌንሱም፣ ፒክስሉም አንድ ስለሆነ ጭንቅላቱን ሁሉ ሳይነኩ ዓይኑን ብቻ ማምጣት ይቻል ይሆናል። አደጋው ደመና ነው፤ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ፀሐይ ብቅ ካለች ለስላሳው ጥላ ደረቅ ይሆንና ከሁለት ሜትር ያስታውቃል። ስንት ፎቶ ማንሣት ይበቃል ለሚለው የአውስትራሊያው ፊዚክስ ተመራማሪ ፒየርስ ባርንስ፣ ኒክ ስቬንሰን ከተባለች ባልደረባው ጋር በ2006 የኢግ ኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸውን ስሌት ሠርቷል። ሰዎቹ ከ20 በታች ከሆኑ ቁጥራቸውን በጥሩ ብርሃን ለ3፣ በደካማ ብርሃን ለ2 ማካፈል ነው። ለእኛው 12 ሰው አራት ወይም ስድስት ፎቶ ይሆናል።

የእንግዳው ፋይል ጠፍቶ ሌላ የሚገጥም ካልተገኘ አያትን እንደገና ማንሣት ከሁሉ ይቀላል። በዚያው ግቢ፣ በዚያው ጥላ፣ ብርሃኑ ከግራ በሚመጣበት በዚያው ሰዓት ወንበራቸውን ማስቀመጥ ነው። ያንኑ ሻሽ አስረው ያንኑ ነጠላ ይደርባሉ። ፎቶ አንሺው 4 ሜትር ተኩል ርቆ፣ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ቆሞ ያነሣቸዋል። ሊያስቃቸው የሚፈልግ የልጅ ልጅ ካለ ደግሞ ከካሜራው ጀርባ ይቁም፤ ጎን ላይ ከቆመ አያት ወደ እሱ ያያሉና።