ልብ እንዳይመሰክር

አኒ ጸሐፊ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1250 ገደማ በግብፅ የአማልክቱን ገቢ እየመዘገበ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ የሚታወቀው ግን አብሮት በተቀበረው የፓፒረስ ጥቅልል ነው። ከ23 ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ ጥቅልል አሁን ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ አኒና ሚስቱ ቱቱ አጎንብሰው ወደ ፍርድ አዳራሽ ይገባሉ። የቀበሮ ራስ ያለው አኑቢስ ሚዛኑን ያስተካክላል። በአንዱ ሳህን የአኒ ልብ ተቀምጧል፤ በሌላው የእውነትና የሥርዓት አምላክ የማዓት ላባ አለ። ቶት ብዕሩን ይዞ ውጤቱን ይመዘግባል። ከኋላው የአዞ ራስ፣ የአንበሳ ደረትና የጉማሬ ዳሌ ያላት አውሬ ቆማለች፤ ሚዛኑ ካጋደለ ልቡን የምትውጠው እርሷ ናት።

ሥዕሉ ያስደምማል፤ የሕዝቡን ጠባይ የሚያሳየው ግን ሟቹ በ42 አማልክት ፊት የሚናገረው የክህደት ቃል ነው። እያንዳንዱን አምላክ በስም እየጠራ «ይህን አላደረግሁም» ይላል። አልገደልሁም፣ አልሰረቅሁም የሚለው በየትኛውም አገር የሚጠበቅ ነው። ሌሎቹ ግን ከዓባይ ዳር ካልሆነ በቀር የሚበቅሉ አይመስሉም። ሟቹ ውኃ በሚፈስበት ወቅት እንዳልገደበ፣ የእርሻ ድንበር እንዳልገፋ፣ የእህል መስፈሪያ እንዳላጎደለ፣ ሚዛን እንዳላጭበረበረ ይምላል። ግብፅ በየዓመቱ በጎርፍ የምትዋጥ፣ ጎርፉ ሲሸሽ መሬቷ እንደገና በገመድ የሚለካ፣ ግብሯ በእህል የሚሰፈር አገር ነበረች። እዚያ አንዱ ቦይ ሲዘጋ ከታች ያለው ጎረቤት ይራባል። ስለዚህ ቀያሹና ሰፋሪው የሚፈጽሙት ማጭበርበር ከነፍስ ግድያ ጋር በአንድ መዝገብ ሰፈረ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ስለ አንደበት የሚለው ነው። ሟቹ ጆሮ ጠቢ እንዳልነበረ፣ ግልፍተኛ እንዳልነበረ፣ ነገር እንዳላበዛ፣ ሎሌን ከጌታው እንዳላጣላ ይናገራል። ይህ ከጦረኛ ሕዝብ የሚጠበቅ ዝርዝር አይደለም። ስለ ጀግንነት አንድም የሚጠይቀው ነገር የለም። ጸሐፊዎችና ሹማምንት በበዙበት፣ አንድ ክፉ ቃል ሰውን ከእንጀራው በሚያፈናቅልበት ቢሮ ውስጥ የተወለደ ሥነ ምግባር ነው። በጎ ሥራም አልተረሳም፦ ለተራበ እንጀራ፣ ለታረዘ ልብስ መስጠት፣ ከዚህ ጋር ደግሞ ጀልባ ለሌለው ጀልባ ማቅረብ ተቆጥሯል።

ፍርድ ያለ በሁሉም ዘንድ እንዳይመስለን። በመስጴጦምያ ስለ ጊልጋሜሽ በተጻፈ አንድ ጽሑፍ ውስጥ የሙታን ዕጣ የሚወሰነው በወለዷቸው ልጆች ብዛት ነው። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ያለቅሳል፤ ሰባት ያሉት በክብር ይቀመጣል። እዚያ ትልቁ ስጋት ኃጢአት ሳይሆን መታሰቢያ የሚያቀርብ ዘር ማጣት ነበር።

ግብፃውያን ግን ኃጢአትን ይፈሩ ነበር፤ ስለ ፈሩትም መውጫ አበጁ። በሟቹ ደረት ላይ ከአረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸ ጢንዚዛ ያኖሩ ነበር። ልቡ በፍርድ ፊት እንዳይመሰክርበት የሚለምን ድግምት ተጽፎበታል። ምስክሩ ሌላ ሰው ቢሆን መካድ ይቻል ነበር፤ የገዛ ልብ ግን ሁሉን ያውቃል። ጥቅልሎቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ የሟቹ ስም የሚገባበት ቦታ ክፍት ሆኖ አስቀድመው ተዘጋጅተው የሚሸጡ ነበሩ። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ባለ ጥቅልሉ ሲረታ አይታይም፤ አውሬዋ ሁልጊዜ እንደ ተራበች ነው። ገንዘቡን ከፍሎ የሚፈረድበትን ሥዕል የሚገዛ ማን አለ?

በእኛም አገር ልፋፈ ጽድቅ ከሟች ጋር ሲቀበር ኖሯል። እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ የአኒን ጥቅልል በ1888 ለሙዚየሙ ያስገኘ ሰው ሲሆን፣ በ1929 ልፋፈ ጽድቅን ሲያሳትም የኢትዮጵያ «የሙታን መጽሐፍ» ብሎታል። ንጽጽሩ በግልብ የተሠራ ይመስለኛል፤ ልፋፈ ጽድቅ ክርስቲያናዊ ጸሎት ነው፤ በውስጡ የልብ ሚዛንም የማዓት ላባም የለም። በጽሑፍ ተከልሎ ከፍርድ የመዳን ተስፋው ግን ሁለቱንም ያገናኛቸዋል።

ጥቅልል የመግዛት አቅም የሌለው ግብፃዊ ምን አለ? መልሱ ያለው ከአኒ 1300 ዓመት ገደማ በኋላ በተጻፈ አንድ ተረት ውስጥ ነው። ልዑል ሴትኔ ከልጁ ጋር ሆኖ አንድ ሀብታም በታላቅ ለቅሶ ሲሸኝ፣ አንድ ድሃ ደግሞ በሰሌን ተጠቅልሎ ያለ አልቃሽ ሲወሰድ ያያል። የሀብታሙን አሸኛኘት ይመኛል። ልጁ ግን ወደ ሙታን አገር ይዞት ወርዶ ውጤቱን ያሳየዋል። የሁለቱም ሥራ ተቆጥሮ የሀብታሙ ክፋት በዝቷል፤ የተቀበረበት ጥሩ በፍታ ተገፎ ለድሃው ተሰጥቷል። የአዳራሹ በር የሚሽከረከርበት ምሰሶ በሀብታሙ ቀኝ ዓይን ውስጥ ተተክሏል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይጮኻል። የዚህ ተረት ቅጂም ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ። እንደ አኒ ባለ ሥዕል ጥቅልል ላይ ሳይሆን፣ አገልግሎቱ ባበቃ የመንግሥት የመሬት መዝገብ ጀርባ ላይ ነው የተጻፈው።