ክዳኑም ነጭ፣ የፎቶውም ጠርዝ ነጭ

የተራ ስካነር መስታወት ወርዱ 21.6፣ ቁመቱ ደግሞ 29.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 9 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ፎቶዎች ሁለት ሁለት እየተደረደሩ አራት ሆነው በምቾት ይቀመጡበታል። 10 በ15 ከሆኑ ግን አራተኛው ለጥቂት ሚሊ ሜትር ሳይገባ ይቀራል፤ ከሦስት በላይ አይሞከርም። የቤተሰብ አልበም ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሳይሆን በአራት በአራት ስካን ቢያደርግ ጊዜው እጅግ ያጥርለታል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚያገኘው አራት ፎቶ ሳይሆን አራቱን ከነክፍተታቸው የያዘ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ለአሥርና ለሃያ ፎቶ በእጅ መቁረጥ ይቻላል። ሻንጣ ሙሉ ለሆነ ግን ቆራጩ ፕሮግራሙ መሆን አለበት።

ፕሮግራሙ ፎቶ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚፈልገው ክፍተቱን ነው። ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከስካኑ አንድ ጥግ ነው። ጥጉ ላይ ያለውን ቀለም መደብ ነው ብለው ይይዙና አጠገቡ ያለው ነጥብ ይመስለው እንደሆነ ያያሉ፤ ከመሰለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ወለል ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ነው፤ የሚያግደው ነገር እስኪያጋጥመው ድረስ በክፍተቱ ሁሉ ይሄዳል። በመጨረሻ ያልደረሰበት ቦታ ፎቶ ተብሎ ይቆረጣል፣ ዘመም ያለ ከሆነ ይቃናል፣ የራሱ ፋይል ይሆናል። ክፍተቱ ደግሞ ይጣላል።

እንግዲህ የስካነሩ ክዳን ከውስጥ ነጭ ነው። የድሮ የስቱዲዮ ፎቶ ደግሞ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ አለው። በሁለቱ መካከል የሚያግድ ነገር ስለሌለ ፕሮግራሙ ነጩን ጠርዝ ከክፍተቱ ጋር አብሮ ይጥለዋል። ሰውዬው ከነወንበሩ ተርፏልና ብዙ ሰው ይህን ልብ አይለውም። ነገር ግን ጠርዙ ላይ የስቱዲዮው ማኅተም ወይም በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም ከነበረ አብሮ ሄዷል። የባሰው ጠርዝ የሌለው ፎቶ ነው። ነጠላ የለበሰች ሴት ከፎቶው ዳር ቆማ፣ ከኋላዋ ያለው ግድግዳም በፀሐይ ነጥቶ ከሆነ፣ ቆራጩ በዚያ በኩል ገብቶ ትከሻዋን ይዞ ይሄዳል።

መፍትሔው ፕሮግራሙ ውስጥ ሳይሆን መስታወቱ ላይ ነው። ፎቶዎቹን ከደረደሩ በኋላ በላያቸው የማያብረቀርቅ ጥቁር ካርቶን ያንጥፉና ክዳኑን ይዝጉ። አሁን ክፍተቱ ጥቁር ነው፤ ነጩ ጠርዝም እንደ አጥር ቆሞ ፎቶውን ይጠብቀዋል። ጥቁር ካርቶን ሌላም ጥቅም አለው፤ ስስ ወረቀት ላይ የታተመ ፎቶ ከጀርባው የተጻፈበት ቀለም ነጭ ክዳን ሲሆን ወደ ፊት ዘልቆ ይታያል፣ ጥቁር ሲሆን ግን ይደበዝዛል። ጨርቅ ግን አይሆንም። የክሩ ውጣ ውረድ መደቡን ዝንጉርጉር ያደርገዋል፤ ቆራጩ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ወጥ ቀለም ነው።

ማታ በፍላሽ የተነሱ ጠርዝ የለሽ ፎቶዎች ሲመጡ ነገሩ ይገለበጣል። ዳርቻቸው ጥቁር ስለሆነ ጥቁሩ ካርቶን ይበላቸዋል። ለእነዚህ ደማቅ አረንጓዴ ካርቶን ይሻላል፤ እንዲህ ያለ አረንጓዴ በድሮ ፎቶ ዳር ላይ ብዙም አይገኝም። ስለዚህ ስካን ከመጀመር በፊት ፎቶዎቹን በዓይነት በዓይነት መለየት ነው፤ ነጭ ጠርዝ ያላቸው ለብቻ፣ ጠርዝ የሌላቸው ለብቻ። ካርቶኑ ሲቀየር የስካነሩን ራሱ የሚያስተካክል የብርሃንና የቀለም ምርጫ ማጥፋትም ያስፈልጋል። አለበለዚያ ማሽኑ ሰፊውን ጥቁር ወይም አረንጓዴ ቦታ አብሮ አስልቶ የፎቶዎቹን ቀለም ያዛባል። ቀለም የሚስተካከለው ከተቆረጡ በኋላ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ነው።

አቀማመጡን በተመለከተ የፎቶሾፕ አምራቾች በፎቶዎቹ መካከል አንድ ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲተው ይመክራሉ። እኔ ቦታ እስካለ ድረስ እጥፍ ባደርገው እመርጣለሁ። ከመስታወቱ ዳርም ፈቀቅ ማለት ይገባል፤ ፎቶው ጥጉ ላይ ከተለጠፈ ቆራጩ መደብ ብሎ የሚይዘው የፎቶውን ቀለም ይሆናል፣ ያኔ ሥራው ከመጀመሪያው ተበላሸ። የሁሉም ጭንቅላት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን፤ ፕሮግራሙ መዝመምን እንጂ መዘቅዘቅን አያርምም።

ፎቶሾፕ ላይ ትእዛዙ `File > Automate > Crop and Straighten Photos` ነው። ጂምፕ ለሚጠቀሙ `Divide Scanned Images` የሚባል ነፃ ተጨማሪ ስክሪፕት አለ፤ እሱ ላይ መደቡን ምን ያህል ቀለም ቢለያይ እንደሚቀበልና ከምን መጠን በታች ያለውን ቁራጭ እንደሚጥል መወሰን ይቻላል። ሁለተኛው ቁጥር የአቧራ መድኃኒት ነው። በ600 ዲፒአይ አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ብናኝ ወርዷም ቁመቷም 24 ፒክሰል አይሞላም፤ 9 በ13 የሆነ ፎቶ ግን 2,126 በ3,071 ፒክሰል ገደማ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ መካከል ላይ ያለ ማንኛውም ቁጥር ብናኙን ያስቀራል፣ ፎቶውን አይነካም።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጠረጴዛው ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ስሕተት የሚታወቀው በእነሱ ነው። አራት 9 በ13 ፎቶ አስቀምጠው ሦስት ፋይል ወጣ እንበል። የሦስቱን መጠን ሲያዩ ሁለቱ 2,126 በ3,071 ሆነው አንዱ ወደ 4,400 በ3,100 ከሆነ፣ ሁለት ፎቶ ተጣብቀው ወጥተዋል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ መስታወቱ ላይ በክፍተቱ በኩል ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው የተጋደመ ፀጉር ወይም ክር ነው፤ መስታወቱን ጠርጎ ደግሞ ስካን ማድረግ ነው። አራት ፋይል ወጥቶ አንዱ ቁመቱ 2,600 ብቻ ቢሆን ደግሞ ከላይ ወይም ከታች ተበልቷል። በዓይን ብቻ ቢታይ ሙሉ ፎቶ ይመስል ነበር። ይህ ሲሆን ሁሉንም መድገም አያስፈልግም፤ ፎቶሾፕ ላይ ያን አንድ ፎቶ ከዙሪያው ጥቂት መደብ ጨምሮ መምረጥና `Alt` ተጭኖ እዚያው ትእዛዝ ላይ መግባት ነው፤ የተመረጠውን ብቻ ይለያል። ማክ ላይ ቁልፉ `Option` ነው። ያም ካልሆነ በእጅ መቁረጥ ነው፤ ከመቶ ውስጥ ጥቂቶች እንዲህ መሆናቸው አይቀርም፣ ቁጥሩን እያስተካከሉ ግማሽ ቀን ማባከን ግን ዋጋ የለውም።

ትልቁ ፋይል ደግሞ ቁርጥራጮቹ ተቆጥረውና ተለክተው እስኪያበቁ ድረስ አይሰረዝም። የፎቶ ጀርባ ላይ ለማስታወሻ የተጻፈ ነገር ካለ ካርቶኑን አንስቶ እያንዳንዱን ፎቶ እዚያው ባለበት ቦታ ገልብጦ ሁለተኛ ስካን ማድረግ ይቻላል፤ ሁለቱ ሲቆረጡ በአንድ ቅደም ተከተል ከወጡ የፊቱ ሦስተኛና የጀርባው ሦስተኛ የአንድ ፎቶ ናቸው። ኮምፒውተሩ ፋይሉ ላይ የሚመዘግበው ስካን የተደረገበትን ቀን፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከጀርባው 1962 ዓ.ም. የሚል ከተገኘ በፋይሉ ስም ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው፣ ዓ.ም. መሆኑም አብሮ ይጻፋል።