ፊደሉ ወዴት ሄደ?

አማርኛና እንግሊዝኛን ባንድነት የያዘ የኤስአርቲ ሰብታይትል ቪዲዮ ላይ ተጭኖ አማርኛው ሳይነበብ ሲቀር፣ በፊደሉ ፋንታ የመጣው ነገር የጥፋቱን ዓይነት ይናገራል። ባዶ ሳጥን ከታየ ፋይሉ ደህና ነው፤ የጎደለው የግዕዝ ፎንት ነው። «ሰ» የነበረችው `áˆ°` ሆና ከመጣችም አትደንግጡ። እያንዳንዱ ፊደል በ`UTF-8` ሦስት ባይት ይይዛል፤ ማጫወቻው ፋይሉን በድሮ የምዕራባውያን ኢንኮዲንግ ሲያነበው ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት ፊደል ይቆጥራቸዋል። `UTF-8` ብሎ መልሶ መክፈት ይበቃል። ክፉው `????` ነው። ፋይሉ በ`ANSI` ተቀምጧል፣ ፊደሎቹም ጠፍተዋል፤ እንግሊዝኛው ደህና ስለሚታይ ደግሞ ችግሩ ቶሎ አይታወቅም። ከዋናው ቅጂ እንደገና ከማውጣት በቀር መፍትሔ የለውም።

ኖትፓድ ላይ `Save As` ብሎ ከ`Encoding` ዝርዝር `UTF-8` የሚለውን መምረጥ ነው። `UTF-8 with BOM` የሚለው ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት ስለሚጨምር፣ አንዳንድ ማጫወቻ የመጀመሪያውን ንግግር ይዘለዋል።

ፋይሉ ውስጥ አንድ ንግግር እንዲህ ይጻፋል፦

```
1
00:00:12,480 --> 00:00:15,200
ገበያው ገና አልሞቀም።
The market is still quiet.

```

መጨረሻ ላይ ያለው ባዶ መስመር ንግግሩ ማለቁን ያመለክታል። ለዓይን እንዲያምር ብሎ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ባዶ መስመር ያስገባ ሰው እንግሊዝኛውን ሊያጣው ይችላል። ተራ ቁጥሩን ብዙ ማጫወቻዎች ችላ ይሉታል፤ ግን መስመር ከተጨመረ ወይም ከተቀነሰ በኋላ `Subtitle Edit`ን በመሰለ ፕሮግራም እንደ አዲስ ማስቆጠር ከጣጣ ያድናል።

ሰዓቱ ላይ ሰከንዱን ተከትሎ የሚመጣው ነጥብ ሳይሆን ኮማ ነው፤ ከኮማው ቀጥሎ ያለው ደግሞ ሚሊሰከንድ ነው። የኤዲቲንግ ፕሮግራም ግን በፍሬም ይቆጥራል። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ `00:00:12:12` ማለት 12ኛው ሰከንድ ላይ 12 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ውጤቱ 480 ይሆናል። በእጅ ሲገለበጥ `12,012` ተብሎ ከተጻፈ ጽሑፉ ከድምፁ በግማሽ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ሌላው የተለመደ ጣጣ የኤዲቲንጉ ቆጠራ ከዜሮ ሳይሆን ከ`01:00:00:00` መጀመሩ ነው፤ ያኔ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ላይ አንድም መስመር ሳይታይ ያልቃል። የመጀመሪያው ሰዓት በ`01` ከጀመረ ከሁሉም ላይ አንድ ሰዓት ባንዴ መቀነስ ነው።

ለዩቲዩብ ከሆነ ግን እኔ የምመርጠው ሰዓታቸው አንድ የሆነ ሁለት ፋይል ነው፤ ተመልካቹ የፈለገውን ቋንቋ ራሱ ይመርጣል። ሁለቱን ባንድ ፋይል ማድረግ የሚያዋጣው ተመልካቹ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማየት ሲፈልግ ነው፤ ለምሳሌ ውጭ አገር አድጎ አማርኛ ለሚማር ልጅ።